በፈረንሳይኛ ኢሜይል ቀን፣ ሰዓትና ገንዘብ፦ ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ፓሪስ የሚላክ መልእክት ሲዳሰስ

ፈረንሳይኛ በኢትዮጵያ የቢሮ ሥራ ውስጥ ረጅም ታሪክ ያለው ቋንቋ ሲሆን፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት በ1907 የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም እና በ1997 የተቋቋመው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ቋንቋ የሚጻጻፉ ሰዎችን አፍርተዋል። ፈረንሳይኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑና የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በብዛት የሚያልፍባት ጅቡቲም ከዓረብኛ ጋር ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገች በመሆኗ፣ በዲፕሎማሲም በንግድም በምርምርም በፈረንሳይኛ ኢሜይል የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለም። የእነዚህ ጸሐፊዎች ሰዋስው ብዙ ጊዜ የሚያስነቅፍ ባይሆንም ቀኑ፣ ሰዓቱና የገንዘቡ መጠን ግን በእንግሊዝኛ ልማድ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ በታች ደግሞ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርና የሰዓት አቆጣጠር ተደርቦ ስለሚተኛ፣ በአንድ መስመር ውስጥ ሦስት ሥርዓቶች ይጋጫሉ።

ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ለማሳየት አንድ የታሰበ መልእክት ይዞ ይጓዛል። በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ፣ ዝቅ ብሎ ከተኛው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ጋር ጎረቤት በመሆኑ፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ ወይም ለሐይቆቹ ሥነ ምድር የመጣ የውጭ ተመራማሪ ሁለቱንም ለማየት መፈለጉ የተለመደ ነው። እንግዲህ በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ አስጎብኚ ከፓሪስ ለሚመጣ የተመራማሪዎች ቡድን የጀልባና የመኪና አገልግሎት ሊያዘጋጅ ተስማምቶ፣ ዝርዝሩን በአማርኛ ካረቀቀ በኋላ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልስ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀመጣቸው ይባል። ቀጠሮው መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሐይቁ የሚመለሱት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ዋጋው አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ሲሆን 30 በመቶው ቀድሞ ይከፈላል፤ የሐይቁ ከፍታም ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣል። የተላከው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

```
Rendez-vous : 03/07/2017, 2:30. Retour : 8:30.
Altitude : plus de 2,000 m
Montant : ETB 12,500 (30%)
```

በቀኑ መጀመር ተገቢ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ያለው እዚያ ነውና። ፈረንሳዊው አንባቢ በሁለት እዝባሮች የተለያዩትን አሃዞች ቀን፣ ወር፣ ዓመት አድርጎ ስለሚያነብ ቀጠሮው ለእሱ ጁላይ 3 ቀን 2017 ነው። የአሜሪካን ልማድ የለመደ ሰው ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ማርች 7 ቀን 2017 ይለዋል። እውነተኛው ቀን ማርች 12 ቀን 2025 ሲሆን ከሁለቱም ንባቦች አንዱም አያገኘውም። ዓመቱ ያለፈ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ «2025 ለማለት ነው» ብሎ ቢያርመው እንኳ ቀሪው ንባብ ጁላይ 3 ላይ ያደርሰዋል፤ ማለትም ከማርች አጋማሽ የበጋ ቀን ወደ ክረምቱ መግቢያ ያሻግረዋል። በአሜሪካ ልማድና በፈረንሳይኛ መካከል ያለው ግጭት የቅደም ተከተል ጉዳይ ስለሆነ አሃዙ ከ12 ሲበልጥ ራሱን ያጋልጣል፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ቀንን ከወር በፊት በማስቀመጥ ከፈረንሳይኛው ጋር አንድ በመሆኑ ስሕተቱን የሚያሳብቅ ምልክት የለም። ሰባተኛው ወር ለአንዱ መጋቢት፣ ለሌላው ጁላይ ነው። አጋላጭ የሚሆነው በዋናነት ወሩ ጳጉሜን ሲሆን ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር በፈረንሳይ የቀን መቁጠሪያ ላይ የለምና።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መመለስ ሲሆን፣ ይህም ከትርጉሙ በፊት በአማርኛው ረቂቅ ላይ መጠናቀቅ አለበት። መስከረም 1 ቀን ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን፣ ለምሳሌ 2016 ዓ.ም. ሲገባ፣ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፤ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩወሪ መጨረሻ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተገለበጠ ቀጠሮ በአንድ ቀን ሊስት ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሁሉ የሚሻለው የሳምንቱን ቀን መጻፍ ነው፤ ረቡዕ በሁለቱም አቆጣጠር ረቡዕ በመሆኑ፣ ቀንና ዕለት ካልገጠሙ አንባቢው ወዲያው ጥርጣሬ ያድርበትና ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የፈረንሳይኛው አጻጻፍ ቀላል ነው፤ `le mercredi 12 mars 2025` ይባላል። የዕለቱም የወሩም ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ በትልቅ ፊደል መጀመሩ በፈረንሳይኛ ስሕተት ነው። በዕለቱና በቀኑ ወይም በወሩና በዓመቱ መካከል ኮማ አይገባም። የደረጃ ቅጥያ የሚጨመረው ለወሩ መጀመሪያ ቀን ብቻ ሲሆን `1er mars` ይጻፋል፤ ሁለተኛውም አሥራ ሁለተኛውም ያለ ቅጥያ ይቀመጣሉ። ወርን ማሳጠር ካስፈለገ `juin` እና `juillet` በሦስት ፊደል ሲቆረጡ አንድ ስለሚሆኑ፣ የመጀመሪያው ሳይቆረጥ ሁለተኛው `juill.` ይደረጋል፤ ለኢሜይል ግን ወሩን ሙሉ መጻፍ የሚያስከፍለው ጥቂት ፊደል ብቻ ነውና ማሳጠሩ አይመከርም። በቁጥር ብቻ መጻፍ ግድ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በፋይል ስም ላይ፣ ዓመቱን የሚያስቀድመው `2025-03-12` የተሰኘው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ ይሻላል፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነችው በኬቤክም የቁጥር ቀን የሚጻፈው በዚሁ ቅርጽ ነው።

ዓመት ብቻውን ሲጠቀስም ጥንቃቄ ያሻዋል። የኢትዮጵያ ዓመት በሁለት የጎርጎርዮስ ዓመታት ላይ ስለሚያርፍ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ የሚያጠኑ ምሁራን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ዘመን 1280-1281 ብለው በሁለት ዓመት ይጽፉታል። የበጀት ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው የ2017 በጀት ዓመት በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ላይ `exercice 2024-2025` ካልተባለ አንባቢው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልገዋል።

ሰዓቱ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፈረንሳይኛ `8 h 30` ሲሆን፣ ከላይ በተላከው መልእክት ላይ `2:30` ተብሎ መቀመጡ ፈረንሳዊውን ወይ ወደ እኩለ ሌሊት ማለፊያ ወይ ወደ ከሰዓት በኋላ ይወስደዋል፤ መመለሻው `8:30` መባሉም ለእሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነብ ቡድኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ጠዋት ላይ የሚመለስ ስለሚመስለው፣ የሌሊት ጉዞ ታስቦ ይሆን ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት የሚያስቸግረው በስድስት ሰዓት የተሳሳቱት ሁለት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የተስማሙ ሆነው ስለሚታዩ ነው።

ፈረንሳይኛ ሰዓትን የሚቆጥረው ከዜሮ እስከ ሃያ አራት ሲሆን፣ እንግሊዝኛው የጠዋትና የከሰዓት ምልክት አድርጎ የሚጨምራቸው `AM` እና `PM` በፈረንሳይኛ ቦታ የላቸውም። ይህም ለኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቀትርና እኩለ ሌሊት በ`12` ቁጥር ላይ የሚያመጡትን ውዝግብ ፈረንሳይኛ በ`12 h` እና በ`0 h` ለይቶ ይጨርሰዋል። አጻጻፉ ቁጥር፣ ክፍት ቦታ፣ ትንሿ `h`፣ ክፍት ቦታ፣ ደቂቃ ነው፤ `h` ነጥብም የብዙ ቁጥር ምልክትም አትቀበልም። በዕለት ተዕለት ኢሜይል ክፍት ቦታው ተዘልሎ `14h30` መጻፉ የተለመደ ስለሆነ እንደ ስሕተት አይታይም። ሁለት ነጥቡ ያለበት `14:30` በጉዞ ትኬትና በኮምፒውተር ላይ ቢታይም፣ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ `h`ን መምረጡ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ይህች ፊደል «ይህ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» የምትል ምልክት ሆና ለራሱም ለአንባቢውም ታገለግላለችና።

ሌሊት ላይ ነገሩ ይጠልቃል። ቡድኑ አዲስ አበባ የሚያርፈው ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው ቢባል፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሌሊቱን የእሑድ ተከታይ አድርጎ ስለሚያስብ የካቲት 30፣ ማለትም ማርች 9 ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ለፈረንሳዊው ግን ቀኑ በእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ ያ ሰዓት ሰኞ ማርች 10 ነው። እንዲህ የተጻፈለት ተቀባይ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ነው። ደስ የሚያሰኘው ግን ፈረንሳይኛ «አጥቢያ» የሚለውን አሳብ በትክክል የሚሸከም የራሱ አነጋገር ያለው መሆኑ ነው፤ `dans la nuit du dimanche 9 au lundi 10 mars, à 1 h` ሲባል ሁለቱም ዕለታት ስለሚጠቀሱ ሌሊቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም። ይህ አነጋገር በፈረንሳይ ጋዜጦችም በደብዳቤም የተለመደ በመሆኑ እንግዳ አይመስልም።

የሰዓት ቀጣናን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ `UTC+3` ላይ ስትሆን ፈረንሳይ በክረምቷ አንድ፣ በበጋዋ ሁለት ሰዓት ትጨምራለች፤ ለውጡም በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይደረጋል። በመሆኑም በማርች 12 ቀን 2025 በአዲስ አበባ `15 h` የሆነ የቪዲዮ ስብሰባ በፓሪስ `13 h` ሲሆን፣ በኤፕሪል 2 የሚደረገው ተመሳሳይ ስብሰባ ግን `14 h` ይሆናል። ከሰዓቱ ቀጥሎ `heure d'Addis-Abeba` ወይም `heure de Paris` ብሎ ከተማውን መጥቀስ ይህን ይፈታል።

የጊዜ ርዝመትን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ለፈረንሳይኛ የቀረበ መሆኑ አይካድም፤ «የዛሬ ስምንት» የሚል ሰው `lundi en huit` ማለት ከመጪው ሰኞ ቀጥሎ ያለው ሰኞ መሆኑን፣ `quinze jours` ደግሞ ሁለት ሳምንት መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። ቢሆንም የክፍያ ቀነ ገደብ በእንዲህ ያለ አነጋገር ሊተው አይገባም።

ወደ ገንዘቡ ሲመጣ የጉዳዩ ሥር አንድ ምልክት ላይ ነው። አሥርዮሽ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ በታች ያለው ክፍል፣ በእንግሊዝኛ በነጥብ ሲለይ በፈረንሳይኛ በኮማ ይለያል፤ ሺዎችን የሚለየው ደግሞ በእንግሊዝኛ ኮማ ሲሆን በፈረንሳይኛ ክፍት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች፣ ባንኮችና ደረሰኞች የእንግሊዝኛውን ስለሚከተሉ `12,500` ለኢትዮጵያዊው አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ለፈረንሳዊው አሥራ ሁለት ከግማሽ ነው። የሐይቁ ከፍታም በዚሁ ምክንያት `2,000 m` ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ሜትር ብቻ ይሆናል። የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 ባሳለፈው ውሳኔ ኮማም ነጥብም ለአሥርዮሽ ብቻ እንዲያገለግሉና ሺዎች የሚለዩ ከሆነ በክፍት ቦታ እንዲለዩ የወሰነ ሲሆን፣ በ2003 ደግሞ ይህንኑ አጽንቶ ከሁለቱ የአሥርዮሽ ምልክቶች የትኛውም እንደሚፈቀድ ደግሟል። ከዚህ እንደሚታየው ሺዎችን በክፍት ቦታ መለየት የፈረንሳይ ብቻ ልማድ አይደለም፤ ለሁሉም ወገን የማያሻማው ብቸኛ መንገድ እሱ ነው።

አደጋው ግን በሁሉም ቁጥር ላይ እኩል አይደለም። `1,250.75` ሁለቱንም ምልክቶች ስለያዘ ማንም ይረዳዋል፤ `12.50`ም ከምልክቱ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስላለው ሺህ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። ማሻማት የሚጀምረው አንድ ምልክት ብቻ ኖሮ ከእሱ ቀጥሎ በትክክል ሦስት አሃዝ ሲኖር ነው። ኮማውን ወደ ነጥብ መለወጥም አያድንም፤ በፈረንሳይ ሺዎችን በነጥብ የመለየት የቆየ ልማድ ስላለ `12.500`ን አንዱ አንባቢ በሺህ፣ ሌላው በአሥርዮሽ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር በቋሚነት የሚመነዘረው በመቶ ሰባ ሰባት ነጥብ ሰባት ሁለት አንድ ፍራንክ በመሆኑ፣ ከጅቡቲ የሚላክ ፈረንሳይኛ ደብዳቤ `177,721` ብሎ ሲጽፈው በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚጠብቅ ነጋዴ በመቶ ሰባ ሰባት ሺህ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ አንባቢው ማድረግ የሚገባው ቁጥሩን ከሚያውቀው መጠን ጋር ማመዛዘን ሲሆን፣ ጸሐፊው ደግሞ ከሦስት አሃዝ ማምለጥ ሲችል፣ ለምሳሌ ወደ `177,72` ማጠጋጋት ሲፈቀድ፣ ማድረግ ይኖርበታል።

የክፍት ቦታው አጻጻፍ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ይጠይቃል። ተራ ክፍት ቦታ ከተጻፈ `12` በመስመሩ መጨረሻ ቀርቶ `500` ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድና ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊመስል ስለሚችል፣ የማይሰበር የሚባለውን ክፍት ቦታ መጠቀም ያስፈልጋል፤ በዎርድ `Ctrl+Shift+Space` በመጫን ይገኛል። የገንዘቡ ስም ወይም ምልክት ከመጠኑ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ `ETB 12,500` ሳይሆን `12 500 ETB` ወይም `12 500 birrs` ይባላል፤ የመቶኛ ምልክትም ከቁጥሩ በክፍት ቦታ ተለይቶ `30 %` ይሆናል። ክፍያ በሚጠየቅበት ደብዳቤ ላይ መጠኑን በፊደልም መድገም የቆየና የሚጠቅም ልማድ ነው፤ የፈረንሳይ ሕግ ራሱ በቼክ ላይ በአሃዝና በፊደል የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈውን ያጸናል።

አባሪ ሰነድ ሲላክ ስሕተቱ ዓይን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ አቀማመጥ የተዘጋጀ የ`CSV` ፋይል በፈረንሳይኛ ኤክሴል ሲከፈት `3.75` እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ከድምሩ ሊቀር ይችላል፤ ምልክቱም ቁጥሩ በሳጥኑ ግራ ጠርዝ ተጠግቶ መታየቱ ነው። የ`xlsx` ፋይል ግን ዋጋውን እንጂ ምልክቱን ስለማያስቀምጥ ለእያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ልማድ ያሳየዋል፤ ስለዚህ እሱን መላክ ይመረጣል።

ከትላልቅ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢነሣ ይበቃል። አማርኛ ቢሊዮን የሚለው እንግሊዝኛን ተከትሎ ሺህ ሚሊዮንን ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ይህ `milliard` ነው፤ `billion` ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። በመጀመሪያ የጸደቀው የ2017 የፌዴራል በጀት የሆነው 971.2 ቢሊዮን ብር በፈረንሳይኛ `971,2 milliards de birrs` መባል ሲገባው ቃሉ እንዳለ ከተወሰደ ሺህ እጥፍ ያድጋል። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲሆን ለዚህም `1 930 milliards` የሚለው ከሁሉ የጠራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሐይቅ ከተማ የሚላከው መልእክት እንዲህ ይሆናል፦

```
Rendez-vous à Hayq le mercredi 12 mars 2025 à 8 h 30
(heure d'Addis-Abeba, UTC+3). Retour vers 14 h 30.
Altitude du lac Ardibo : plus de 2 000 m.
Montant : 12 500 birrs (douze mille cinq cents birrs),
dont 30 %, soit 3 750 birrs, à verser
au plus tard le lundi 3 mars 2025.
```

ይህን መልእክት ሹፌሩም ጀልባ ቀዛፊውም የሚያዩት ከሆነ ከታች በአማርኛ «መጋቢት 3፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል» የሚል መስመር መጨመሩ ተገቢ ነው፤ በፈረንሳይኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለቱን አቆጣጠሮች ማደባለቅ አይገባም። እንግሊዝኛን «ዓለም አቀፍ» ነው ብሎ ለፈረንሳይኛ አንባቢ ቁጥሮቹን ብቻ በእንግሊዝኛ ልማድ መላክ ልማድ ሆኖ የቆየ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ በፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ኮማውንም በፈረንሳይኛ ሊያኖር ይገባዋል።